ስድስት አፍ፣ ሦስት አገጭ

ስምንት ዓመት ሙሉ ሲያዟት «እሺ» ስትል የኖረች ሴት፣ በአንዲት ጥርስ የለሽ አሮጊት አፍ ምክንያት ድንገት «እምቢ» ያለችው ለምንድን ነው? ድምፅ ቀራጩ ይህን ስንት ጊዜ እንደተጠየቀ ቆጥሮ አያውቅም። ከእሷ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጦ አራት ዓመት ሠርቷል። ሻይዋን በስንት ማንኪያ ስኳር እንደምትጠጣ ያውቃል፤ ይህን ግን አያውቅም። ሰው ሲያጣድፈው የሆነውን ብቻ ይነግረዋል። መልሱን ሰሚው ራሱ ይፈልገው።

የሚሠሩበት ድርጅት ለልጆች የካርቱን ፊልም ያዘጋጃል፤ ስሙ ትልቅ፣ ቤቱ ትንሽ። ከአንድ የቤት ዕቃ መሸጫ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከአለቃው ቢሮና ከአንዲት ጠባብ ማሳያ ክፍል ሌላ፣ ሦስት ክፍሎች አሉት። አንደኛው የሠዓሊዎቹ ነው። ሁለተኛው የእሷና የድምፅ ቀራጩ። ሦስተኛው የቀረጻ ክፍሉ ነው፤ መስኮት የለውም፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ተለብጧል፣ ከበሩ በላይ ቀይ መብራት አለ። ቀዩ መብራት ከበራ ማንም አይገባም፣ በኮሪደሩም ማንም ጫማውን እያንኳኳ አይሄድም። አለቃው ራሱ አንድ ቀን ረስቶ በሩን በርግዶ የግማሽ ቀን ቀረጻ ካበላሸ ወዲህ፣ በዚያ መብራት ፊት የሚቆመው አርፍዶ እንደመጣ ተማሪ ነው።

«አፈኛ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ሠዓሊዎቹ ናቸው፤ ለቀልድ። በቤቱ ውስጥ ከእሷ ያነሰ የሚናገር ሰው የለም፤ ነገር ግን በፊልሙ ውስጥ የሚናገረው ሁሉ የሚናገረው በእሷ በኩል ነው። ሥራዋ የገጸ ባሕርያቱን አፍ ከድምፃቸው ጋር ማስማማት ነው። ድምፅ ቀራጩ ንግግሩን ቀርጾ፣ አጽድቶ፣ ቆርጦ ይሰጣታል። እሷ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ትደፋና ያንኑ ዓረፍተ ነገር ሠላሳና አርባ ጊዜ ትሰማዋለች። ፊት ለፊቷ ረጅም ሠንጠረዥ አለ፤ እያንዳንዱ መስመር አንድ ፍሬም ነው፣ ማለትም የፊልሙ አንዲት ቅንጣት ምስል፤ ሃያ አራቱ ተደምረው አንድ ሰከንድ ይሆናሉ። በእርሳስ፣ በዚህ መስመር ላይ «ም» ይሰማል፣ ከዚህ እስከዚህ «አ» ይረዝማል እያለች ትጽፋለች። ከዚያ አጠገቡ የአፉን ቁጥር ታሰፍራለች።

ይህን ሥራ ያልተማረ ሰው አፍ ለእያንዳንዱ ፊደል የሚከፈት ይመስለዋል። አዲስ ሠዓሊ ሲመጣ የሚሠራው የመጀመሪያ ስህተት ይኸው ነው፤ ጽሑፉን ይዞ ፊደል በፊደል አፍ ይደረድራል፤ ገጸ ባሕርይዋም ብርድ እንደያዛት ሰው አገጯን ታንገጫግጫለች። አፈኛ ጽሑፉን ትገለብጠዋለች። በጆሮህ ሥራ፣ በዓይንህ አትሥራ ትለዋለች፤ ከዚያ በላይ አታብራራም። ቀሪውን ድምፅ ቀራጩ ከጀርባዋ እያየ ለቅሞታል። «ከ» እና «ገ» ጉሮሮ ውስጥ የሚሠሩ ናቸው፣ ከንፈር አይጠይቁም፤ ከጎናቸው ያለውን አናባቢ አፍ ይዋሳሉ። «መ»፣ «በ»፣ «ጰ» ግን ከንፈር ካልገጠመ አይወጡም። ንግግሩ የቱንም ያህል ቢፈጥን ያ የተዘጋ አፍ መዝለል የለበትም፣ ከሁለት ፍሬም በታችም መሆን የለበትም፤ ቦታ ከጠበበ ከፊቱ ካለው አናባቢ ላይ ይሰረቃል። ተመልካች የቀረውን ሁሉ ይቅር ይላል፤ ከንፈሯን ሳትገጥም «እማማ» ያለችን ልጅ ግን ይቅር አይልም። ደግሞም አፉ ከድምፁ አንድ ወይም ሁለት ፍሬም ይቀድማል፤ ሰው መጀመሪያ አፉን አዘጋጅቶ ነው የሚናገረውና።

ከዚህ ሥራ በፊት የሰሌዳ ሥዕል ትሥል ነበር። ሦስት ዓመት የጥርስ ሐኪም ቤቶችን ማስታወቂያ ስትሥል ኖራለች፤ በቆርቆሮ ላይ የበር መዝጊያ የሚያህል ፈገግታ። አሁን ከታላቅ እህቷና ከእህቷ ሁለት ልጆች ጋር በሁለት ክፍል የኪራይ ቤት ትኖራለች፤ አላገባችም። ሰው ሲያናግራት ዓይኑን ሳይሆን አፉን ነው የምታየው። በዚህ የተነሳ አንድ የሕንፃው ጥበቃ ወዳኛለች ብሎ ሁለት ሳምንት ጺሙን ሲላጭ ከርሟል፤ ሌላው ደግሞ ጥርሴ ላይ የሆነ ነገር ተጣብቋል ብሎ በተገናኙ ቁጥር ፊቱን ያዞራል። ለሁለቱም አላስረዳቻቸውም።

በጠረጴዛዋ ላይ አንዲት የእጅ መስታወት አለች። ድምፁን እየሰማች በመስታወቱ የራሷን አፍ ታያለች፣ ትሥላለች። ለድርጅቱ ዋና ገጸ ባሕርይ፣ ለትንሹ ልጅ፣ ዘጠኝ አፍ ያወጣችለት እንዲያ ነው፦ የተዘጋ፣ ያረፈ፣ ጥርሱን ገጥሞ ለ«ሰ» እና ለ«ዘ»፣ በመጠኑ የተከፈተ፣ ለ«አ» የተበረገደ፣ ወደ ጎን የተለጠጠ፣ ክብ፣ ሹል፣ የላይ ጥርሱ በታች ከንፈሩ ላይ ያረፈ ለ«ፈ»። ከዚያ ወዲያ አለቃው እነዚያን ዘጠኝ አፎች የሁሉም አደረጋቸው። ሹፌሩም፣ አስተማሪዋም፣ ድመቷም በልጁ አፍ ይናገራሉ። «የጋራ አፍ» ይሏቸዋል። አፈኛ ያን ጊዜም እሺ ነበር ያለችው።

አለቃውን በሌለበት «ቶሎ ቶሎ» ይሉታል። ክፉ ሰው አይደለም። ከእንቅልፉ ከተነሳ ጀምሮ የሚያሳድደው ነገር ያለ ይመስላል እንጂ። «ቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ» የሚለውን ተረት አንዱ ሠዓሊ በትልቁ ጽፎ በመጸዳጃ ቤቱ በር ውስጥ ለጥፎታል፤ አለቃው በየቀኑ እያነበበው፣ ስለማን እንደሆነ እስካሁን አልጠየቀም።

ያ ሰሞን የሚሠሩት ፊልም አሥራ ሁለት ደቂቃ የሚሆን ነበር። ታሪኩ መንገድ ሊሰፋ ነው ተብላ ከቤቷ ውጪ ስለተባለች አንዲት አሮጊት ነው። ሠዓሊዎቹ አንድም ጥርስ የሌላት አድርገው ሥለዋታል። በፊልሙ መጨረሻ በሯ ላይ ቆማ፣ የተላኩትን ሰዎች ቀና ብላ እያየች አንድ ነገር ትላለች፦ «ፍርሃትስ ነበረኝ፤ ከጥርሴ ጋር ረገፈ።» ፊልሙ ወደዚያች ዓረፍተ ነገር ነው የሚሄደው።

ድምፁን የሰጡት እማማ ናቸው። ሁሉም እማማ ነው የሚላቸው። ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ነበሩ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ፊታቸውን ሳያይ ድምፃቸውን ሲሰማ ኖሯል። ከቀረጻዎቹ ሁሉ ድምፅ ቀራጩ የማይረሳው አንዱን ነው። እማማ ያቺን ዓረፍተ ነገር አምስት ጊዜ ደጋግመው አሉ፤ ጥርት ያለ ነበር፣ ግን የሆነ ነገር ጎደለው። እሳቸውም ያወቁት መሰለ። መብራቱን አጥፋልኝ አሉት። አጠፋ። በጨለማው ውስጥ አንድ ነገር ሲንቋቋ፣ መሐረብ ሲታጠፍ ሰማ። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ፤ ከዚያም ዓረፍተ ነገሩ መጣ፤ ከድድና ከከንፈር መሃል፣ እርጥብና ሰባራ ሆኖ፣ ግን እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ።  መብራቱን ሲያበራ እማማ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን መልሰው፣ መሐረቡን ቦርሳቸው ውስጥ ከተው ተቀምጠዋል። ያለ ጥርስ የገዛ ልጃቸው እንኳ አይታቸው እንደማታውቅ ኋላ ነው የነገሩት። አለቃውም ከስድስቱ ቅጂ ይህኛው ይሁን አለ። በዚህ ላይ ጠብ አልነበረም።

ጠቡ የመጣው ማክሰኞ ነው። ፊልሙን ያዘዘው የሕፃናት ፕሮግራም ሰዎች ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ሊያዩት ቀጠሮ ይዘዋል። አፈኛ የአሮጊቷን አፍ ለብቻው ላውጣ ብላ ከሳምንት በፊት ጠይቃ ነበር፤ አለቃው፣ አፍ አፍ ነው፣ የጋራውን ለጥፊ ብሏት እሺ ብላ ለጥፋለች። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የተለጠፈው ትዕይንት በትልቁ ስክሪን ታየ። እማማም ራሴን ልይ ብለው ነጠላ ጫማቸውን አድርገው መጥተው ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል።

የሥዕሏ አሮጊት በሯ ላይ ቆመች። ፊቷ የተጨማደደ፣ ጉንጯ የጎደጎደ። አፏን ከፈተች፣ «ፍርሃትስ» አለች፤ በ«ፍ» ላይ የልጁ የላይ ጥርስ፣ ነጭና የተስተካከለ፣ ብልጭ አለ። በ«ስ» ላይ ሁለቱም ረድፍ ገጥሞ ታየ። «ከጥርሴ ጋር ረገፈ» ስትል ደግሞ፣ ልክ ረገፈ ባለችበት ቅጽበት፣ ያ የላይ ጥርስ እንደገና መጥቶ ከንፈሯን ነከሰ። ረገፈ የተባለው ጥርስ፣ ረገፈ እየተባለ በቀለ።

ሠዓሊዎቹ በሳቅ ፈረሱ። አለቃውም ፈገግ አለ። ልጆች ይህን አያዩም አለ። እማማ ብቻ አልሳቁም። እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው፣ ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ ይህችን ጥርስ ከማን ተዋሰቻት?» አሉ።

ሳቁ ቆመ። አለቃው ጉዳዩን ለመጨረስ የሰጠው መፍትሔ ፈጣን ነበር፤ እንደ ሁልጊዜው። የአፉን ሥዕል ከመቀየር ድምፁን መቀየር ይቀላል። እማማ ጥርሳቸውን እንዳደረጉ አሁኑኑ ይግቡና ጥርት አድርገው ይበሉት፤ ለአሮጊቷም ሠዓሊዎቹ ሁለት ሦስት ጥርስ ይሥሉላት፤ ዓረፍተ ነገሩም «ፍርሃትስ ነበረኝ፤ አሁን የለም» ይሁን። አሥር ደቂቃ። እማማ ሰው ማስከፋት የማይወዱ ናቸው፤ እንግዲህ እናንተ ካላችሁ ብለው ቦርሳቸውን ይዘው ሊነሱ ከጀሉ። ድምፅ ቀራጩም፣ አሁን ሲያስበው ያፍራል፣ ቀዩን መብራት ሊያበራ እጁን ዘርግቶ ነበር።

«እምቢ» አለች አፈኛ።

ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ማን እንደተናገረ ለማወቅ ሰው ሁሉ ዙሪያውን አየ።

«ምን አልሽ?» አለ አለቃው።

«እምቢ አልኩ። ጥርስ አይበቅልላትም፤ ዓረፍተ ነገሩም አይነካም። አፏን እኔ አወጣለሁ።»

«በሁለት ቀን? ዘጠኝ አፍ አውጥተሽ፣ ሠንጠረዡን ሠርተሽ፣ አስለጥፈሽ?»

«ዘጠኝ አትፈልግም። ስድስት ይበቃታል።»

አለቃው ስድስት መሆኑን ሲሰማ ትንሽ የላላ መሰለ። እሷ ግን የሚያስቀይመውን አላስቀረችም። አገጯም ይሣላል አለች፤ በሦስት ከፍታ። ለምን ቢላት፣ ጥርስ የሌለው ሰው አፉን ሲዘጋ የሚያቆመው ነገር ስለሌለ አገጩ ወደ አፍንጫው ሽቅብ ይሄዳል፤ አፍ ብቻ ለጥፈን አገጩን ከተውነው ጭንብል ያደረገች ልጅ ነው የምትመስለው አለችው። በአንድ ቀን ያን ያህል ስትናገር ማንም ሰምቷት አያውቅም። አለቃው ሰዓቱን አየ፣ ኮርኒሱን አየ። ከዚያ ሠዓሊዎቹ ሁሉ እየሰሙት፣ ሐሙስ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ ሥራው ጠረጴዛዬ ላይ ካልደረሰ ዕቃሽን ሰብስበሽ ትሄጃለሽ አላት።  አፈኛ ወጣች፣ ወደ ታች ወረደች፣ ከቤት ዕቃ መሸጫው ባዶ ካርቶን ለምና ተመለሰች። ካርቶኑን አፉን ከፍታ ጠረጴዛዋ ሥር አስቀመጠችው። መስታወቷንም የመጀመሪያ አድርጋ ከተተች።

ድምፅ ቀራጩ መስታወቱን ስትከት አይቶ አኩርፋ ልትሄድ መሰለው። ነገሩ ሌላ ነበር። መስታወቱ ለዚህ ሥራ አይረባትም። እሷ ሠላሳ ሁለት ጥርስ አላት፤ በመስታወት ብታይ የምታየው የሰለጠነ ውሸት ነው። ሌላ አፍ ያስፈልጋታል። እማማ በር ላይ ቆመው ነበር፣ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው። አፈኛ አልጠየቀቻቸውም፤ ይህ የሚጠየቅ ነገር አልነበረም። ዝም ብላ አንድ ወንበር ስባ ከመብራቷ ፊት አደረገች፣ ራሷ ተቀመጠችና እርሳሷን መቅረጽ ጀመረች። ሦስት እርሳስ ቀረጸች። አራተኛውን ስትጀምር እማማ ገቡ።

«በሩን ዝጋው» አሉት ድምፅ ቀራጩን። ሊወጣ ሲነሳ ደግሞ፣ «ተቀመጥ አንተም፤ ድምፄን የወሰድክ አንተ ነህ» አሉት።

ከመብራቱ ሥር ተቀመጡ። መሐረቡን አወጡ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ ጥርሳቸውን አውልቀው ጠቀለሉት። ፊታቸው በአንድ ጊዜ አጠረ፤ ከንፈራቸው ወደ ውስጥ ገባ፣ አገጫቸው ወጣ። ሌላ ሰው ሆኑ፤ ወይም ድምፅ ቀራጩ በጨለማ የሰማው ሰው ይህ ነበር። አፈኛን ቀጥ ብለው አይተዋት፦

«እዪ። የኔ ነው፤ የሰረቅሁት አይደለም» አሉ።

እስከ ምሽት ተቀመጡ። አፈኛ አንድ ድምፅ ትጠራለች፤ ያሰሟታል፤ ደግመው ያሰሟታል፤ ትሥላለች። «ም» ሲሉ ከንፈራቸው ተጣጥፎ ወደ ውስጥ ይዋጣል፣ አገጩም ሽቅብ ይነሳል፤ ሲያርፉም ያው ነው፤ ስለዚህ የተዘጋውና ያረፈው አንድ ሆኑ። «ሰ» ሲሉ የሚገጥም ጥርስ የለም፤ ጠባብ ስንጥቅ ነው፣ በስንጥቁም የምላስ ጫፍ ይታያል፤ «ተ»፣ «ነ»፣ «ለ»ም እዚያው ገቡ። መካከለኛ ክፍት አንድ፤ የተለጠጠውን ለብቻ ማውጣት አላስፈለገም፣ የእማማ ጉንጭ ወደ ጎን ብዙም አይሄድምና። ለ«አ» የተበረገደ አንድ፤ ውስጡ ጨለማ፣ ከላይ የድድ መስመር፣ ነጭ የሚባል ነገር የለበትም። ለ«ኦ» እና ለ«ኡ» አንድ ክብ፤ ልዩነቱን አገጩ ይናገራል። ያቺ ሁሉን ያመጣች «ፈ» ደግሞ የመጨረሻዋ ሆነች። ከንፈር ለመንከስ የላይ ጥርስ ስለሌለ፣ ሁለቱ ከንፈሮች ሊነካኩ ይቃረቡና ሳይነካኩ፣ በመሃላቸው ሻማ የሚያጠፋ የሚመስል ቀጭን ትንፋሽ ይወጣል። አፈኛ አሥራ አንድ ጊዜ ሣለችው። ከ«ም» ለመለየት ያለው አንዲት ቀጭን ጥቁር መስመር ብቻ ነው፤ መስመሯ ከበዛች «ኦ» ትሆናለች፣ ካነሰች ትዘጋለች። እማማ አሥራ አንዱንም ጊዜ «ፍ» አሉላት። በመጨረሻው ላይ ሳቁ፤ ድዳቸው ታየ፤ እጃቸውን ወደ አፋቸው አላነሱም።

ረቡዕ ሠንጠረዡ ተሞላ። ዓረፍተ ነገሯ ሰማንያ ስምንት ፍሬም ትፈጃለች፤ ዘጠኙ ከመናገራቸው በፊት የሳቡት ትንፋሽ ነው። አፈኛ ለትንፋሹም አፍ ሰጠችው፦ መካከለኛ ክፍት፣ አገጩ ከላይ ወደ መሃል ሲወርድ። ሰው እንደሚናገር የሚታወቀው ከመናገሩ በፊት ነው አለች፤ ለራሷ እንጂ ለማንም አልነበረም። በ«ነበረኝ» ውስጥ ያለችው «በ» በጣም ፈጥና ነው የምታልፈው፤ ከፊቷ ካለው አናባቢ አንድ ፍሬም ሰርቃ ሁለት አደረገችላት። ሁለት ሠዓሊዎች፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ምሳቸውን ትተው አገጮቹን ያጸዱላት ጀመር። አንደኛው ማክሰኞ ዕለት ከሁሉም በላይ የሳቀው ነው። ሌሊቱን ሙሉም ሲለጥፉ አደሩ፤ ድምፅ ቀራጩ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ሲጥለው እሷ እርሳስ ይዛ ነበር፣ ሲነቃም ያው ነበረች።

ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሙከራውን አሳዩ። አፉ ያምራል። ጥርስ የለም። ግን ድምፁና አፉ አይገናኙም። አሮጊቷ ተናግራ ስትጨርስ ከንፈሯ ገና ይንቀሳቀሳል፤ ከራሷ ጀርባ የምትሮጥ ሴት። አፈኛ ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች በጣቷ ቆጠረች። እንደገና ቆጠረች። ትክክል ነው።  ሠንጠረዡ ትክክል ሆኖ ሥራው ስህተት ከሆነ፣ የት ብላ ትጀምር? የቀራት አንድ ሰዓት ተኩል ነው።

ድምፅ ቀራጩ ስህተቱን ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ጠዋት፣ የመጨረሻውን ድምፅ ወደ ፊልሙ ሲያስገባ፣ እጁ እንደለመደው አጽድቶታል። የሰውን ትንፋሽ ከዓረፍተ ነገር ፊት ቆርጦ መጣል የሥራው የመጀመሪያ ትምህርት ነው፤ ሳያስብ ያደርገዋል፤ እንደ አፍንጫ መጥረግ። የእማማን ትንፋሽ ቆርጦ ጥሎታል። ዘጠኝ ፍሬም። ሠንጠረዥ ከተሞላ በኋላ ድምፅ አይነካም፤ ይህን ለአዲስ ሠራተኛ የሚያስተምረው ራሱ ነው።

ዝም ሊል ይችል ነበር። አፉን በዘጠኝ ፍሬም አስቀድሚው ቢላት ይገጥማል፤ ማንም አያውቅም፤ የጠፋው ትንፋሽ ብቻ ነው። ግን ከካርቶኑ ውስጥ መስታወቷ ያብረቀርቃል፤ ዓይኑ እዚያ አረፈ።

«እኔ ነኝ» አላት። «ትንፋሿን ቆርጬዋለሁ።»

አልጮኸችበትም። ብትጮኽበት ይቀለው ነበር። አፉን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ እንደ ልማዷ።

«መልሰው» አለችው።

መለሰው። ሌላ ምንም አልተነካም። እንደገና አሳዩት። አሮጊቷ በሯ ላይ ቆመች፤ ደረቷ ተነሳ፣ አገጯ ወረደ፣ ያ በጨለማ የተሳበ ትንፋሽ ተሰማ፤ «ፍርሃትስ ነበረኝ» አለች፤ በ«ፍ» ላይ ከከንፈሯ መሃል ያቺ ቀጭን መስመር ታየችና ጠፋች። «ከጥርሴ ጋር ረገፈ።» አፏ ተጣጥፎ ወደ ውስጥ ተዋጠ፣ አገጯ ወደ አፍንጫዋ ተነሳ፣ እንደ በር ተዘጋ።  የሚስቅ አልነበረም።

ከአምስት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው ሥራው የአለቃው ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። ከፊልሙ ጋር ተገጣጥሞ እኩለ ቀን ሊሆን ሲል አለቃው ቆሞ አየው፤ ተቀምጦ ደገመው። ደህና ነው አለ። ቀጥሎም የተሸነፈ ሰው ባሕርይ ይዞት፣ ለዛሬ ይሁን፣ ከሚቀጥለው ፊልም ጀምሮ ግን ሁሉም በጋራ አፍ ነው፤ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ አፍ ስናወጣ ልንኖር አንችልም አላት።

አፈኛ ዓይኗ ቀልቷል፤ ጣቶቿ እስከ አንጓቸው በእርሳስ ጠቁረዋል።

«እንግዲያው ካርቶኑ ካለበት ይቆይ» አለች። «ድመቷም በልጁ አፍ አትናገርም። ድመት ከንፈር አላት እንዴ?»

አለቃው ሊመልስ አፉን ከፍቶ ሳለ ደረጃው ላይ የእንግዶቹ ኮቴ ተሰማ።

እሷ ወደ ማሳያው ክፍል አልገባችም። ድምፅ ቀራጩ ግን ድምፁን ለመቆጣጠር ከኋላ ቆሞ ነበር፤ ስለዚህ ያየውን አይቷል። ከመጡት ሰዎች መሃል አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት፣ ፊልሙ ሲያልቅ መብራት እንዳይበራ በእጇ አስቆመች፤ ያቺን የመጨረሻዋን ትዕይንት ሁለት ጊዜ አስደገመች። ከዚያ ቁርጥ እናቴን ትመስላለች አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ስለ ድመቷ ግን ጠየቀች፤ ስትናገር ልክ ልጁን የምትመስለው ለምንድን ነው አለች። አለቃው እየሠራንበት ነው አለ። ሰውየው ሲዋሽም ቶሎ ነው።

አለቃው እንግዶቹን ሸኝቶ ሲመለስ አፈኛን ይፈልጋት ጀመር። ጠረጴዛዋ ላይ የለችም። ካርቶኑ አለ፣ አፉ እንደተከፈተ። በሠዓሊዎቹ ክፍል የለችም። በኮሪደሩ ጫፍ፣ በቀረጻው ክፍል በር ፊት፣ ድምፅ ቀራጩ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ከራሱ በላይ ቀዩ መብራት በርቷል። አለቃው በጫማው ጫፍ እየረገጠ ቀረበና በሹክሹክታ ማን እንደሚቀረጽ ጠየቀው። ድምፅ ቀራጩ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ስለ ድመቷ ልነግራት ፈልጌ ነበር አለ አለቃው፤ ረጅም ነው ወይ ቀረጻው? ረጅም ነው አለው። አለቃውም እንደ ልማዱ መብራቱን ቀና ብሎ አየ፤ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ሊጠብቅ ቆመ። ድምፅ ቀራጩ ሰውየውን ሲጠብቅ ሲያየው ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር።

ከበሩ በስተጀርባ፣ በስፖንጁ ጨለማ ውስጥ፣ አፈኛ ጃኬቷን ተንተርሳ፣ የጠቆሩ ጣቶቿን ጉንጯ ሥር አድርጋ ተኝታ ነበር። አፏ በመጠኑ ተከፍቷል። ድምፅ ቀራጩ በሩን ቀስ ብሎ ከመዝጋቱ በፊት ሰዓቱን አይቶ ነበር፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ።